«ይህ ጽሑፍ ሌላ ጆርናል ላይ ውድቅ ሆኖ ነበር» የምትለዋ አንቀጽ

ኢሜይሉ የመጣው ከ4 ወር ጥበቃ በኋላ ነው። አርታኢዎች ጥሩ ዜና ሲኖራቸው መጀመሪያው መስመር ላይ ይነግሩሃል። መጥፎ ሲሆን ግን ቀድመው ያመሰግኑሃል። እኔን ሁለት ጊዜ አመሰገኑኝ። ከዚያ «እናዝናለን» መጣ።

በዚያው ማታ ሌላ ጆርናል መረጥኩ፤ ለአዲሱ አርታኢም ከቨር ሌተር ጻፍኩ። የጆርናሉ ምርጫ ምንም አይወጣለትም ነበር። ደብዳቤው ነው ጉድ የሠራኝ። ሦስተኛው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦

«ይህ ጽሑፍ ቀደም ሲል ለሌላ ጆርናል ቀርቦ ያለ በቂ ምክንያት ውድቅ ተደርጓል። ከገምጋሚዎቹ አንዱ ጽሑፉን በጥሞና እንዳላነበበው ግልጽ ነው። የእርስዎ ጆርናል የተሻለ ሚዛናዊ ግምገማ እንደሚያደርግልን ተስፋ እናደርጋለን።»

ጠዋት ለጥናት አጋሬ ላክሁላት። ብዙም ሳትቆይ ደወለች።

«ይሄ ከቨር ሌተር ነው የክስ ማመልከቻ?» አለችኝ።

«እውነቱን ነው የጻፍኩት።»

«ይሁን። ግን አርታኢው ዳኛ አይደለም። ያኛውን ጆርናል ሊቀጣልህ አይችልም። ሊያውቅ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ምን ቀየራችሁ? አንተ እሱን አልጻፍክም።»

አልጻፍኩም፤ ምክንያቱም ምንም አልቀየርንም። የማጣቀሻውን አጻጻፍ ለአዲሱ ጆርናል አስተካክዬ፣ ርዕሱ ላይ አንድ ቃል ነክቼ ነበር። በቃ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ሌላ ቦታ ውድቅ የሆነ ጽሑፍ ይዞ መምጣት ነውር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳይንስ ጆርናል ላይ የወጣ አንድ ጥናት በሥነ ሕይወት ዘርፍ 923 ጆርናሎችን ተከትሎ፣ ከታተሙት ጽሑፎች 75 በመቶ ያህሉ መጀመሪያ የተላኩበት ጆርናል ላይ እንደወጡ አገኘ። የቀሩት ከአንድ ደጅ ተመልሰው የመጡ ናቸው ማለት ነው። እነዚህ ዞረው የመጡት በኋላ ላይ በአማካይ በመጠኑ የበለጠ ተጠቅሰዋል። ለምን እንደሆነ ብዙ ግምት አለ። ጽሑፉ በመንገድ ላይ ይሻሻላል የሚለው ለእኔ ያሳምነኛል። ግን የሚሻሻለው ከተነካ ነው።

ታዲያ ለአዲሱ አርታኢ ይነገረው ወይስ ይደበቅ? ብዙ ጊዜ የመናገር ግዴታ የለም። አንዳንድ ጆርናሎች ማስገቢያ ቅጹ ላይ በቀጥታ ይጠይቃሉ፤ ያኔ እውነቱን መመለስ ነው። ሁሉም ጆርናል ማለት ይቻላል አጥብቆ የሚፈልገው ማረጋገጫ ጽሑፉ አሁን ሌላ ቦታ በግምገማ ላይ እንዳልሆነ ነው። የቀድሞው ጆርናል የመጨረሻ መልሱን ከሰጠ ይህን በሙሉ ልብ መጻፍ ይቻላል። «ሌላ ቦታ ቀርቦ አያውቅም» ብሎ መጻፍ ግን ሌላ ነገር ነው። ውሸት ነው። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ይህን ዓረፍተ ነገር ከአሮጌ ደብዳቤ ገልብጬ ልልከው ለጥቂት ተርፌያለሁ።

የዓለም አቀፍ የሕክምና ጆርናል አርታኢዎች ኮሚቴ ምክረ ሐሳብ ደግሞ አንድ እርምጃ ይሄዳል። የቀድሞ አርታኢና ገምጋሚዎች የሰጡትን አስተያየት ከእናንተ ምላሽ ጋር አያይዛችሁ ብትልኩ ይጠቅማል፣ ግምገማውንም ሊያፋጥን ይችላል ይላል። መጀመሪያ ሳነበው የዋህነት መሰለኝ። ገመናዬን በገዛ እጄ?

ሐሳቤን የቀየረው መስኩ ጠባብ መሆኑ ነው። በእኛ ዓይነት ርዕስ ላይ ጽሑፍ ሊገመግም ጊዜውም ዕውቀቱም ያለው ሰው ያን ያህል ብዙ አይደለም። አዲሱ አርታኢ የሚጽፍላቸው ሰዎች የቀድሞው አርታኢ የጻፈላቸው ራሳቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ያ ሰው በትርፍ ጊዜው ሦስት ገጽ አስተያየት ጽፎልሃል። ከሁለት ወር በኋላ ያው ጽሑፍ ሳይነካ ሌላ ጆርናል ስም ተለጥፎበት ሲደርሰው ምን የሚያደርግ ይመስላችኋል? የድሮ ፋይሉን ይከፍትና ያንኑ አስተያየት ይልካል። ለአርታኢው ብቻ በሚታየው ሳጥን ውስጥ ደግሞ አንድ መስመር ይጨምራል፦ ይህን አይቼዋለሁ፣ አልተቀየረም። ከዚያ በኋላ የትኛውም ደብዳቤ አያድንህም።

ስለዚህ ጥያቄው ወደ ጥናታችን ተመለሰ። የጥናቱን ዝርዝር ትንሽ ቀይሬ፣ ቁጥሮቹንም ለንባብ እንዲመቹ አስተካክዬ ላስረዳ።

የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ 400 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈልን፤ 200 እና 200። አንደኛው ወገን በየቀኑ በስልክ አጭር የማስታወሻ መልእክት ይደርሰዋል። ሌላው አይደርሰውም። ከ6 ወር በኋላ የቀረውን ክኒን ቆጠርን። ከታዘዘለት 80 በመቶና ከዚያ በላይ የወሰደውን «በአግባቡ ወስዷል» አልነው። ይህ መለኪያ በመስኩ የተለመደ ነው።

ችግሩ መጨረሻ ላይ ሁሉንም ሰው አላገኘንም። መልእክት ከሚደርሳቸው 52፣ ከሌሎቹ 36 ሰዎች ጠፉ። በድምሩ 88፣ ማለትም 22 በመቶ። እኛ የጠፉትን ትተን በተገኙት ላይ ብቻ አሰላን። መልእክት ከሚደርሳቸው 148 ሰዎች 108ቱ በአግባቡ ወስደዋል፤ 73 በመቶ። ከሌሎቹ 164 ሰዎች ደግሞ 98ቱ፤ 60 በመቶ። የ13 ነጥብ ልዩነት፣ በስታቲስቲክስ መለኪያም የሚያልፍ። ርዕሱን «የስልክ ማስታወሻ መድኃኒት አወሳሰድን ያሻሽላል» አልነው። ደስ አለን።

«በጥሞና አላነበበም» ብዬ የከሰስኩት ሁለተኛው ገምጋሚ የጻፈው እንዲህ ነው። ለምንድን ነው መልእክት ከሚደርሳቸው ወገን ብዙ ሰው የጠፋው? መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው በየቀኑ «ክኒንዎን ወስደዋል?» የሚል መልእክት ሲደርሰው አፍሮ ወይም ተሰላችቶ ስልኩን ዘግቶ ቢሆንስ? እንዲያ ከሆነ እዚያ ወገን የቀሩት ጎበዞቹ ብቻ ናቸው። መልእክቱ አወሳሰድን አላሻሻለም፤ የማይወስዱትን ከቆጠራው አባረረ እንጂ።

ይህን ሁለተኛ ጊዜ ሳነበው ሆዴን ባር ባር አለኝ። ሰውየው አንብቦታል። ከእኔ በላይ አንብቦታል።

አጋሬ ከዚያ የባሰ ነገር አነሳች። ጥናቱን ስንጀምር በመዘገብነው ዕቅድ ላይ በዕጣ የተመደበውን ሰው ሁሉ፣ ቢጠፋም፣ በተመደበበት ወገን እንቆጥራለን ብለን ነበር። አላደረግነውም። በክፋት አይደለም፤ የጠፋ ሰው ክኒን ስለማይቆጠር «የሌለ ቁጥር» ብለን አለፍነው። መዝገቡ ግን ለማንም ክፍት ነው። የሚያገናዝብ ሰው ያገኘዋል።

እንደገና አሰላን። በጣም ጨካኙን ግምት ያዝን፤ የጠፋ ሁሉ መድኃኒቱን አልወሰደም ብለን ቆጠርን። መልእክት ከሚደርሳቸው 200 ሰዎች 108፣ ያም 54 በመቶ። ከሌሎቹ 200 ደግሞ 98፣ ያም 49 በመቶ። 13 ነጥብ የነበረው ልዩነት 5 ሆነ። እሱም በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ነው። ይህ ጽንፍ ስለሆነ መሃል ላይ ያለ ግምትም ሠራን፤ የጠፉትን አወሳሰድ ከዕድሜያቸውና ከመጀመሪያው ወር ልማዳቸው ተነስተን ገመትን። እሱም ከሁለቱ መካከል አረፈ። ሦስቱንም አንድ ሰንጠረዥ ላይ አስቀመጥናቸው። ርዕሱ ውስጥ ያለው «ያሻሽላል» ወጣ። መደምደሚያችን ጠበበ፦ መልእክቱ ጠቅሞ ሊሆን ይችላል፤ ግን የጠፉት ሰዎች ቁጥር ይህን በእርግጠኝነት እንድንናገር አይፈቅድም።

አንድ ወር ፈጀ። ደብዳቤውን እንደገና ስጽፍ የቸገረኝ ሌላ ነገር ነበር። ግኝቴ ቀድሞ ካልኩት አንሷል ብሎ ጽሑፉን ሊመዝን ለተቀመጠ ሰው በገዛ እጅ መጻፍ ያስፈራል። ሦስት ጊዜ ሸፋፍኜ ጻፍኩት። «ትንታኔው ይበልጥ ተጠናክሯል» አልኩ። አጋሬ ሳቀች። «ተጠናክሯል? ወደ 5 ወርዶ?»

በመጨረሻ የተላከው አንቀጽ ይህ ነው፦

«ጽሑፉ ቀደም ሲል ለሌላ ጆርናል ቀርቦ፣ በሁለት ገምጋሚዎች ታይቶ ሳይታተም ቀርቷል። ዋናው ትችት 22 በመቶ ተሳታፊዎች ከትንታኔው ውጪ መሆናቸው ነበር። ትችቱ ትክክል ነው። አሁን 400ዎቹም በተመደቡበት ወገን ተቆጥረዋል (ሰንጠረዥ 3)። በዚህም ምክንያት ዋናው ልዩነት ከ13 ወደ 5 ነጥብ ወርዷል፤ ርዕሱና መደምደሚያው በዚሁ መሠረት ተቀይረዋል። በደም ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን ይለካ የሚለውን ጥያቄ ግን ጥናቱ ስለተጠናቀቀ ማሟላት አልቻልንም፤ ይህን በጥናቱ ውስንነት ሥር ገልጸነዋል። የገምጋሚዎቹ ሙሉ አስተያየትና የእኛ ምላሽ ተያይዟል።»

የቀድሞው ጆርናል ስም የለበትም። አርታኢው ከፈለገ ይጠይቃል። «ያለ በቂ ምክንያት» የለም። «ተስፋ እናደርጋለን» የለም። እምቢ ያልነው ነገር ግን አለ፣ ከነምክንያቱ። ይህችን መስመር አጋሬ ናት ያስገባችው። ሁሉንም እሺ ያለ ምላሽ ያጠራጥራል ትላለች። የመጀመሪያው ገምጋሚ የጠየቀው የደም ምርመራ ክኒን ቆጠራን ይበልጣል፤ ሰው ክኒኑን ሳይውጥ ሊጥለው ይችላልና። ግን ጥናቱ አልቋል፤ ወደ ኋላ ሄዶ ደም መቅዳት አይቻልም። እሱን ሸፋፍኖ ማለፍ አያስፈልግም።

የቀረው ደብዳቤ አጭር ነው። ርዕስና የጽሑፉ ዓይነት፣ ግኝቱ በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ለምን ለዚህ ጆርናል አንባቢ፣ የጥናቱ የምዝገባ ቁጥር፣ ማረጋገጫዎች። ከአንድ ገጽ አላለፈም። «ለምን ለዚህ ጆርናል» የሚለው ላይ ግን ሰዎች ሲሳሳቱ አያለሁ፤ ጆርናሉን ያወድሳሉ። አርታኢው ጆርናሉ ታዋቂ መሆኑን ያውቃል። እኛ የጻፍነው አንባቢዎቹ በስልክ መልእክት ላይ ጥናት የሚያቅዱ ሰዎች መሆናቸውንና ከእኛ የሚያገኙት ምናልባት ማስጠንቀቂያ እንደሆነ ነው። ግኝቱ ሲያንስ የጽሑፉ ጥቅም ተቀየረ። ይህን ያየሁት ደብዳቤውን ስጽፍ ነው።

ከመላካችን በፊት አንድ ነገር አጣራን። የውድቅ ማሳወቂያ ኢሜይሎች ግርጌ ላይ አንዳንዴ «ይህ መልእክት ምስጢራዊ ነው» የሚል ጽሑፍ ይኖራል። የእኛም ነበረው። ለቀድሞው አርታኢ ሁለት መስመር ጻፍን፤ አስተያየቶቹን ለሌላ ጆርናል ብናያይዝ ቅር ይላችኋል? በማግስቱ «ችግር የለም፣ መልካም ዕድል» የሚል መልስ መጣ። ያ ስከስሰው የነበረው ሰው።

ጽሑፉ ለገምጋሚ ሳይላክ አርታኢው ጋ ቢቀር ኖሮ ይህ ሁሉ አያስፈልግም ነበር። «ለጆርናላችን አይስማማም» የሚል መልስ ምንም የሚያያዝ ነገር የለውም። በደብዳቤው ውስጥ ማንሳቱም ቦታ መፍጀት ነው። የቀድሞው ጆርናል ራሱ ወደ እህት ጆርናል እናዛውርላችሁ ካለ ደግሞ ግምገማው ብዙ ጊዜ በሲስተሙ አብሮ ይሻገራል። ያኔ ደብዳቤው የሚያስፈልገው የተቀየረውን ለመናገር ብቻ ነው።

አሁን ላስበው ወደማልፈልገው ቀን። የመጫኛው ዕለት።

እነዚህ ማስገቢያ ሲስተሞች እያንዳንዱን ፋይል ስትጭን «ምን ዓይነት ፋይል ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ከቨር ሌተር ብለህ የመረጥከው በአብዛኛው ለአርታኢው ብቻ ይታያል። «ተጨማሪ ፋይል» ያልከው ግን ገምጋሚዎቹ ለሚያነቡት ፒዲኤፍ ውስጥ ይገባል። አዲሱ ጆርናል የደራሲዎችን ስም ከገምጋሚ የሚሰውር ነው። የእኛ የምላሽ ፋይል ደግሞ መጀመሪያው ገጽ ላይ የአምስታችንም ስም ከነተቋማችን ሰፍሮበታል። «ተጨማሪ ፋይል» ብዬ ጫንኩት።

የያዝኩት በዕድል ነው። ሲስተሙ ፋይሎቹን አንድ ላይ ሰፍቶ «ይህን አይተው ያጽድቁ» ሲል ሰው ብዙ ጊዜ ሳያይ ያጸድቃል። እኔ ከፈትኩት። ገጽ 31 ላይ ስሜ ቁጭ ብሏል። ወደ ኋላ ተመልሼ ስሞቹን አጠፋሁ። ከዚያ ፒዲኤፉን የከፈትኩበትን ታብ ቀና ብዬ ሳይ ሌላ ጉድ። ታቡ ላይ የሚታየው ርዕስ የፋይሉ ስም አልነበረም፤ የቀድሞው ጆርናል ስም ነበር። ዶክመንቱን መጀመሪያ የጻፍነው በእነሱ ቴምፕሌት ስለነበር ፋይሉ ከገጾቹ ውጪ ስለ ራሱ በሚይዘው መረጃ ውስጥ ተቀብሮ ቀርቷል። ገጹ ላይ የትም የለም፤ ቃል ፈልግ ብትለው አያገኘውም። የሚታየው ታቡ ላይ ብቻ ነው። ያንንም አጠፋሁ። ደብዳቤው ላይ ስሙን ላለመጥራት ስንት ተጨንቀን በጓሮ በር ሊገባ ነበር።

አጸደቅሁ። ላክሁ።

መልሱ በ7 ሳምንት መጣ። ሦስት ገምጋሚዎች። ውሳኔው «ከፍተኛ ማሻሻያ» ነው፤ በእኛ ሥራ ይህ ጥሩ ዜና ይባላል፣ የማያውቅ ሰው ግራ ቢገባውም። አርታኢው በደብዳቤው ላይ አያይዘን የላክነውን ምላሽ እንዳነበበ ጠቅሷል። የመጀመሪያው ገምጋሚ ስለ መግቢያው ጻፈ። ሁለተኛው ስለ መልእክቶቹ ይዘት ጠየቀ።

የሦስተኛው አስተያየት እንዲህ ይጀምራል፦ «ይህን ጽሑፍ ቀደም ሲል ለሌላ ጆርናል ገምግሜዋለሁ። ደራሲዎቹ የጠየቅኩትን ትንታኔ ሠርተውታል፤ ውጤቱንም አልሸሸጉም። አንድ አስተያየት ብቻ አለኝ። በሰንጠረዥ 3 የመጀመሪያው ረድፍ ድምሩ 148 ይላል። እኔ ስደምረው 147 ነው የሚመጣው።»

አጋሬ ጋ ደወልኩ። ሰንጠረዡን ከፍተን በስልክ አንድ ላይ ደመርን። 147 ነው።